የድጋፍ ስምምነት አነባበብ፦ ቀኖችን፣ ቅድመ ሁኔታዎችንና የሪፖርት ግዴታዎችን ነቅሶ ስለ ማውጣት

ከዓመታት በፊት በክረምት ማብቂያ አንዲት አያት ከደባርቅ ወደ ጎንደር ከተማ ወርደው የሁለት የልጅ ልጆቻቸው ወርሃዊ ድጎማ ለምን እንደ ተቋረጠ ጠየቁ። ገንዘቡን ማንም አልወሰደውም፤ ለጋሹም አልከለከለም። ነገሩ ሲመረመር መንስኤው አንዲት ቃል ሆና ተገኘች። ስምምነቱ የአጋማሽ ዓመቱ ሪፖርት «ከጁን 30 በኋላ በ30 ቀናት ውስጥ» እንዲላክ ያዝዛል። ይህን ወደ አማርኛ የመለሰ ባልደረባችን «ከሰኔ 30 በኋላ» ብሎ ጻፈው። ጁን ሰኔ ነው ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው፤ ጁን 30 ግን ሰኔ 23 እንጂ ሰኔ 30 አይደለም። ሪፖርቱ ሐምሌ 23 መድረስ ሲገባው ሐምሌ 30 ደረሰ። አንድ ሳምንት ብቻ ነው የዘገየው። ሆኖም ለጋሹ ድርጅት ሁለተኛውን ክፍያ በቀጣዩ የቦርድ ስብሰባ እስኪያየው ድረስ አቆየው፤ ልጆቹም መስከረምን ያለ ደብተር ጀመሩ።

በዚህ ጽሑፍ የምንነጋገረው ያ ስሕተት እንዳይደገም ከአንድ የድጋፍ ስምምነት ውስጥ የፕሮጀክቱ ቡድን ሊያውቃቸው የሚገቡ ቀኖች፣ ቅድመ ሁኔታዎችና የሪፖርት ግዴታዎች እንዴት ተነቅሰው እንደሚወጡ ነው። ሃያና ሠላሳ ገጽ ያለውን ስምምነት የሚፈርመው ሥራ አስኪያጁ ነው፤ የሚፈጽሙት ግን በደባርቅ ያለው አስተባባሪ፣ ሒሳብ ሹሙና ድጎማውን ለአሳዳጊዎች የሚያድሉት ሠራተኞች ናቸው። ብዙውን ጊዜ እነዚህ ሰዎች ስምምነቱን አይተውት አያውቁም። ለእነርሱ የምንሰጣቸው አንድ ገጽ ነው፤ የዚያ ገጽ አሠራር ነው ትምህርታችን።

ለማስረዳት እንዲያመች የራሳችንን ምሳሌ እንሥራ። ቁጥሮቹ ለትምህርት የተመረጡ ናቸው። አንድ ለጋሽ ለ120 የቲሞች ለአንድ ዓመት 2,400,000 ብር ለመስጠት ተስማማ። 40ዎቹ ልጆች በጎንደር ከተማ፣ 80ዎቹ በደባርቅና በጃናሞራ ናቸው። ለእያንዳንዱ ልጅ በወር 1,500 ብር፣ በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ለትምህርት ቁሳቁስ 2,000 ብር ተመድቧል። ዘመኑ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2026 ነው። ገንዘቡ በሁለት ዙር ይከፈላል፤ በመጀመሪያ 60 በመቶ፣ ቀሪው 40 በመቶ በኋላ።

መጀመሪያ ስምምነቱን ለቀን ብቻ እናነበዋለን። እርሳስ ይዘን ቀን፣ ወር፣ «በኋላ»፣ «በፊት»፣ «ውስጥ» የሚሉ ቃላት ባሉበት ሁሉ እናሰምራለን። አባሪዎቹን መዝለል አይገባም፤ የክፍያው ሰሌዳ በአባሪ ሁለት፣ የሪፖርቱ ቅጽ በአባሪ አራት ተቀምጦ ዋናው ጽሑፍ «እንደ አባሪው» ብሎ ብቻ የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው። ከዚያ እያንዳንዱ ቀን ከየት እንደሚቆጠር እንጠይቃለን። ከተፈረመበት ቀን ነው? ሁለተኛው ወገን ከፈረመበት ቀን ነው? ወይስ ገንዘቡ ባንክ ከገባበት? በምሳሌያችን የፕሮጀክቱ ዘመን ጃንዋሪ 1 ይጀምራል። ገንዘቡ በፌብሩዋሪ ቢገባም ዘመኑ ወደ ፊት አይገፋም። «የሥራ ቀን» እና «የቀን መቁጠሪያ ቀን» መለየትም ያሻል። የባሕረ ሰላጤው አገር ለጋሽ ዓርብና ቅዳሜ የሚያርፍ ከሆነ የእርሱ አምስት የሥራ ቀን ከእኛ አምስት የሥራ ቀን ጋር አይገጥምም።

ቀኑ ከታወቀ በኋላ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን እንጽፋለን፤ የፈረንጁን ወር ስም ግን ፈጽሞ በእኛ ወር ስም አንተካም። ጁን ሲል ጁን ብለን እንጽፋለን፤ ከጎኑ «ሰኔ 23 ቀን 2018» እንላለን። ምሳሌያችን እንዲህ ይወጣል። ጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ታኅሣሥ 23 ቀን 2018 ነው። ጁን 30 ሰኔ 23፣ ጁላይ 30 ሐምሌ 23 ነው። ዘመኑ የሚያበቃበት ዲሴምበር 31 ታኅሣሥ 22 ቀን 2019 ላይ ይውላል። ይህን ሰሌዳ ለሚቀጥሉት ዓመታት እንዳለ መገልበጥ ግን አይቻልም። በ2019 ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለምትሆን ከመስከረም 1 ቀን 2020 ጀምሮ እስከ ፌብሩዋሪ 2028 መጨረሻ ድረስ ያሉት ቀኖች ሁሉ በአንድ ይሸሻሉ። በሒጅሪያ የተጻፈ ስምምነት ሲመጣ ደግሞ ዓመቱ ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ገደማ እንደሚያንስ ማሰብ ይገባል። ወሩ የሚገባው ጨረቃ ታይቶ ነው ወይስ በታተመ መቁጠሪያ? ይህንንም በደብዳቤ ጠይቆ መልሱን ከስምምነቱ ጋር ማያያዝ ነው።

ሰዓትም አለ። ስምምነቱ «በለንደን ሰዓት 17:00» ካለ በጁላይ በእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው፤ በጃንዋሪ ግን እዚያ የበጋ ሰዓታቸው ስለሚያበቃ ከምሽቱ 2 ሰዓት ይሆናል። እኛ እንደ ልማዳችን የመጨረሻውን ሰዓት ሳይሆን የቀዳሚውን ቀን ቀትር እንጽፋለን።

ሁለተኛው ንባብ ለቅድመ ሁኔታ ነው። እዚህ ላይ የምንፈልገው ግዴታ የሚያቆሙ ቃላትን ነው። በእንግሊዝኛው «ሻል» የሚለው ግዴታ ነው፤ «ሜይ» የሚለው ፈቃድ ነው። ስምምነቱ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ ከሆነ ሁለቱ ሲለያዩ የትኛው እንደሚጸና የሚናገረው አንቀጽ አብዛኛውን ጊዜ በመጨረሻው ገጽ ላይ ነው። ዐረብኛ የምናነብ ሰዎች ዐረብኛው ስለሚቀለን በእርሱ ብቻ ሠርተን፣ የሚጸናው እንግሊዝኛው ሆኖ የተገኘበት ጊዜ አለ።

በምሳሌያችን ውስጥ የክፍያው አንቀጽ እንዲህ ይላል እንበል፦ ሁለተኛው ክፍያ የሚለቀቀው የአጋማሹ ሪፖርት ተቀባይነት ሲያገኝ፣ ከመጀመሪያው ክፍያም ቢያንስ 80 በመቶው ለሥራ ሲውል ነው። ለጋሹ ሪፖርቱን ለመመርመር 45 ቀን አለው፤ ከተቀበለ በኋላ በ10 ቀን ውስጥ ገንዘቡን ይልካል። ይህን በገጹ ላይ መገልበጥ ብቻውን በቂ አይደለም። በራሳችን ዕቅድ ማስላት ያስፈልጋል፤ ስናሰላውም ችግሩ ይታያል።

የመጀመሪያው ክፍያ 60 በመቶ፣ ማለትም 1,440,000 ብር ነው። የዚህ 80 በመቶ 1,152,000 ብር ይሆናል። የ120 ልጆች ወርሃዊ ድጎማ 180,000 ብር ስለሆነ እስከ ጁን 30 የስድስት ወር ድጎማ ሙሉ በሙሉ ብንከፍል ያወጣነው 1,080,000 ብር ነው፤ ይህም 75 በመቶ ነው። እንግዲህ ሥራችንን አንዲት ቀን ሳናጎድል ብንፈጽም እንኳ ቅድመ ሁኔታውን አናሟላም፤ 72,000 ብር ይጎድለናል። የትምህርት ቁሳቁሱን የተወሰነ ክፍል ከጁን በፊት በመግዛት ጉድለቱን መሙላት ይቻላል። ግን ያን ጊዜ በእጃችን የሚቀረው 288,000 ብር ብቻ ነው፤ የጁላይ ድጎማ ከተከፈለ በኋላ ለኦገስት 108,000 ብር ይተርፋል። 72,000 ብር ከኦገስት ድጎማ ጎደለ ማለት ነው። ገንዘቡን ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ብናዛውረው ጉድለቱ ልጆቹን ተከትሎ ይሄዳል።

መፍትሔው ከመፈረም በፊት ነው። 80 የሚለው 70 እንዲሆን በደብዳቤ መጠየቅ ቀላል ነው። ለጋሹም ስሌቱን ካየ ብዙውን ጊዜ አይከራከርም፤ ቁጥሩ ከሌላ ስምምነት የተገለበጠ እንጂ በዚህ ሥራ ላይ ታስቦ የተጻፈ አይደለምና። ለንጽጽር፦ የአውሮፓ ኅብረት በመደበኛ የድጋፍ ውሉ ቀጣዩን ቅድመ ክፍያ ለመልቀቅ የሚጠይቀው ካለፈው ክፍያ 70 በመቶው መዋሉን ነው። ስምምነቱ ከተፈረመ በኋላ ግን ማሻሻያ ያስፈልጋል፤ ማሻሻያውም ሁለቱ ወገኖች እስኪፈርሙበት ድረስ አይጸናም።

80ው 70 ሆነ እንበል፤ አሁን ቀኖቹን እናገናኝ። ሪፖርቱን በመጨረሻው ቀን፣ ጁላይ 30 ብንልክ፣ 45 ቀን ሲቆጠር ሴፕቴምበር 13 ይሆናል፤ 10 ቀን ሲጨመር ሴፕቴምበር 23፣ ማለትም መስከረም 13 ቀን 2019። በእጃችን የቀረው 360,000 ብር የጁላይንና የኦገስትን ድጎማ ብቻ ይችላል። ደብተርና የደንብ ልብስ የሚገዛው በዚያው በሁለተኛው ክፍያ ከሆነ ትምህርት ከተከፈተ በኋላ ይደርሳል። ሪፖርቱን ጁላይ 15፣ ሐምሌ 8 ብንልከው ግን ምርመራው ቢዘገይ ኦገስት 29 ያልቃል፤ ገንዘቡም እስከ ሴፕቴምበር 8፣ ጳጉሜን 3 ይገባል። ስለዚህ በገጹ ላይ ስምምነቱ የሰጠን ቀን ሐምሌ 23 ተብሎ ቢጻፍም ቡድኑ የሚሠራበት ቀን ሐምሌ 8 ነው። ሁለቱም ይጻፋሉ፤ የትኛው የማን እንደሆነም ይለያል።

እዚህ ላይ አንድ የተደበቀ ነገር አለ። «ተቀባይነት ሲያገኝ» የሚለው ቃል ለጋሹ ዝም ቢል ምን እንደሚሆን አይናገርም። አንዳንድ ስምምነት 45 ቀኑ ካለፈ ሪፖርቱ እንደ ጸደቀ ይቆጠራል ይላል፤ አንዳንዱ ዝም ይላል። ለጋሹ ጥያቄ ከላከ ቆጠራው ይቆማል ወይስ ይቀጥላል? ይህ በስምምነቱ ከሌለ በገጹ ላይ ባዶ ቦታ ትተን «አልተጻፈም፤ ይጠየቅ» ብለን እንጽፋለን። ባዶውን በግምት መሙላት ከሁሉ የከፋው ስሕተት ነው፤ ግምቱን የሚያነበው ባልደረባ የስምምነቱ ቃል ይመስለዋልና።

ከገንዘቡ ቅድመ ሁኔታ ቀጥሎ የሰው ቅድመ ሁኔታ አለ፤ ይህም የሚገኘው ብዙዎች በሚያልፉት የትርጓሜ አንቀጽ ነው። የቲም ማን ነው? በፊቅህ የቲም የሚባለው አባቱ የሞተበትና ለአቅመ አዳም ወይም ሔዋን ያልደረሰ ልጅ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት ድርጅት ዩኒሴፍ ደግሞ አንዱን ወይም ሁለቱን ወላጆቹን ያጣና ዕድሜው ከ18 በታች የሆነውን ይቆጥራል። እናቱ ብቻ የሞተችበት የጃናሞራ ልጅ በሁለተኛው ትርጓሜ ይገባል፤ በመጀመሪያው አይገባም። አንድ የ16 ዓመት ልጅም እንዲሁ። ገንዘቡ የዘካ ከሆነ ሌላ ነገር ይጨመራል፤ በቁርኣን ውስጥ ዘካ የሚሰጣቸው ስምንት ወገኖች ሲዘረዘሩ የቲም በስሙ አልተጠቀሰም። የሚገባው በድኽነቱ ነው። ስለዚህ አባቱ መሞቱን ብቻ ሳይሆን ችግረኛ መሆኑን የሚያሳይ ሰነድ በፋይሉ ውስጥ መኖር አለበት። ይህን ያላነበበ ቡድን በቅን ልቡና ልጆቹን ይመዘግባል፤ በኦዲት ጊዜ ወጪው ተቀባይነት ያጣል።

የማስረጃው ዓይነትም እንዲሁ ይታያል። ስምምነቱ «የሞት ምስክር ወረቀት» ብሎ ቢያዝዝ፣ በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ መሆኑን ለጋሹ ላያውቅ ይችላል። ከዚያ በፊት ለሞቱ አባቶች ወረቀቱ በተራራማው ወረዳ አይገኝም። «ወይም የቀበሌ ማረጋገጫ» የሚል ሐረግ እንዲጨመር መጠየቅ ነው። የቦታውም ስም ጥንቃቄ ይሻል። የቀድሞው ሰሜን ጎንደር ዞን በ2010 ዓ.ም. ገደማ ማዕከላዊ፣ ምዕራብና ሰሜን ተብሎ ለሦስት ተከፍሏል። ስምምነቱ «ሰሜን ጎንደር ዞን» ካለ ደባርቅና ጃናሞራ ይገባሉ፤ ደምቢያ ግን አይገባም። የጎንደር ከተማም በስሙ መጠቀስ አለበት፤ በምሳሌያችን 40ዎቹ ልጆች የሚኖሩት በዚያ ነውና።

ሦስተኛው ንባብ ለሪፖርት ነው። ለእያንዳንዱ ሪፖርት ምን እንደሚላክ፣ በየትኛው ቅጽ፣ ለማን፣ በምን ገንዘብና ከምን ማስረጃ ጋር እንደሆነ እናወጣለን። በምሳሌያችን ሦስት ናቸው። የአጋማሹ አለ። የመጨረሻው ዘመኑ ካለቀ በኋላ በ30 ቀን፣ ማለትም ጃንዋሪ 30 ቀን 2027፣ ጥር 22 ቀን 2019 ይላካል። የኦዲቱ እስከ ማርች 31፣ መጋቢት 22 ነው። ለኦዲቱ ኦዲተር መቅጠር ስላለብን የውስጥ ቀኑ በታኅሣሥ ይጀምራል። ከእነዚህ ውጪ ቀን የሌላቸው ሪፖርቶች አሉ፤ በልጅ ላይ ጉዳት ሲደርስ ወይም ገንዘብ ሲጠፋ «በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ማሳወቅ» የሚሉት። እነዚህ በቀን ሰሌዳ ላይ ስለማይወጡ ይረሳሉ። በገጹ አናት ላይ ለብቻቸው፣ ስልክ ከሚደወልለት ሰው የሥራ ኃላፊነት ጋር ይጻፋሉ።

ለለጋሹ የሚላከው ሪፖርት ለመንግሥት የሚቀርበውን አይተካም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 የአስተዳደር ወጪን ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይወስናል፤ በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 እስከ 30 በመቶ ይፈቅድ ነበር። ለጋሹ በስምምነቱ 25 በመቶ ቢፈቅድልንም ሕጉን አይሽረውም፤ ሒሳብ ሹሙ ሁለቱንም ቁጥር ጎን ለጎን ማየት አለበት።

አሁን ወደ ደጋው እንመለስ። ለአጋማሹ ሪፖርት የሚያስፈልገው ማስረጃ አሳዳጊዎች የፈረሙበት የክፍያ ሰነድ ነው፤ የማይጽፉት በጣት አሻራ ያረጋግጣሉ። ጁን የሚያልቀው ክረምቱ በገባበት ጊዜ ነው። በጃናሞራ ገደላማ መንገዶች ጭቃው ሲበረታ መኪና ይቆማል፤ ሰነዱ በበቅሎና በእግር ወደ ደባርቅ መውጣት አለበት። ሐምሌ 8 ሪፖርት ለመላክ ሰነዱ ሰኔ 28 ጎንደር መግባት ይኖርበታል። ስለዚህ የጁን ድጎማ በወሩ መጀመሪያ፣ በሰኔ የመጀመሪያ ሳምንት እንዲታደል ከአስተባባሪው ጋር እንስማማለን። ከዚያ በፊት ግን ስምምነቱ ድጎማን ከወሩ መጨረሻ በፊት መክፈልን ይከለክል እንደሆነ ወደ አንቀጹ ተመልሰን እናያለን።

እንግዲህ ገጹ ላይ የሚሰፍረው ይህ ነው። በመጀመሪያው ዓምድ የአንቀጹ ቁጥር፣ ቀጥሎ ግዴታው በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ቀጥሎ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር፣ ቀጥሎ የውስጥ ቀናችን፣ ከዚያ ኃላፊውና የሚያስፈልገው ማስረጃ። የአንቀጹ ቁጥር የሌለው መስመር አይጻፍም። ገጹን ያዘጋጀው ሰው ሲጨርስ ሌላ ባልደረባ ስምምነቱን ይዞ ከመጨረሻው ገጽ ወደ መጀመሪያው እየተመለሰ ያመሳክረዋል፤ ከፊት ወደ ኋላ የሚያነብ ሰው የመጀመሪያው ያለፈውን እርሱም ያልፈዋልና። ከዚያ ቡድኑ ተሰብስቦ ገጹ ይነበባል፤ ሁሉም የራሱን መስመር በራሱ ቃል ይናገራል። ሐምሌ 8 የማን እንደሆነ ሲጠየቅ ሁለት ሰው ቢመልስ ወይም ማንም ባይመልስ ገጹ አልተጠናቀቀም።

ማሻሻያ ደብዳቤ በመጣ ጊዜ አሮጌው ገጽ ላይ በእስክሪብቶ አናርምም። አዲስ ገጽ ይሠራል፤ በአናቱ ላይ ቁጥሩና ቀኑ ይጻፋል። በጎንደር ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ያለው ሲነሣ በደባርቅ ያለውም መነሣቱን አስተባባሪው በስልክ ያረጋግጣል።